ሐሳቤ ብረቱ ላይ ነበር

ለዓመታት ዳምቤል ሳነሳ ሐሳቤ ብረቱ ላይ ነበር፤ ከፍ ይበል እንጂ በምን እንደወጣ ግድ አልነበረኝም። ትናንት ማታ 15 ኪሎውን አስቀምጬ 8 ኪሎ ያዝኩ። ግራ እጄን ቀኝ ባይሴፕሴ ላይ አሳርፌ፣ ክርኔን ከጎኔ ሳላርቅ ቀስ ብዬ አጠፍኩ። ጡንቻው ከመዳፌ ሥር ሲኮማተርና ሲያብጥ ተሰማኝ። 10ኛው ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ነገሩ ስሜት ብቻ አይደለም። ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የለኩ ተመራማሪዎች፣ ክብደቱ ያው ሆኖ እንኳ ሐሳቡን ጡንቻው ላይ ያደረገ ሰው ባይሴፕስ የበለጠ እንደሚነቃ አይተዋል። ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ጀማሪ ወጣት ወንዶች ለ8 ሳምንት ሠሩ። አንዱ ቡድን «ጡንቻውን ጭመቀው» ሲባል፣ ሌላው «ክብደቱን አንሳው» ይባል ነበር። ክርን የሚያጥፉ ጡንቻዎቻቸው ውፍረት በመጀመሪያው ቡድን 12.4 በመቶ፣ በሁለተኛው 6.9 በመቶ ጨመረ። የጭን ጡንቻ ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም።

ይህን ልብ በሉ፦ ጡንቻው በደንብ ነቃ ማለት ጉልበት ጨመረ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሐሳባችን ጡንቻው ላይ ሲሆን የምናወጣው ኃይል ይቀንሳል። ክብደቱን የቀነስኩትም ለዚህ ነው። ብረቱ ሲከብድ ትከሻና ወገብ ለማገዝ ይገባሉ፤ ክርናችሁ ወደፊት ከሸሸ ወይም ጀርባችሁ ከተወዛወዘ ሥራው ከባይሴፕሱ አምልጧል። ዛሬ አንዱን ዙር ቀለል ባለ ብረት፣ እጃችሁን ጡንቻው ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት።