«መላመድ» የሚለው ቃል ያሳሳታቸው ልጆች

ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ እንስሳት መላመድ ሃያ የምርጫ ጥያቄ አወጣሁ። ግመልንና የበረዶ ድብን ትቼ የመንዝ ልጅ በጓሳ ዳር ከብት ሲጠብቅ በዓይኑ የሚያያቸውን አመጣሁ፤ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን፣ ፍልፈልን። ወረቀቱን ሳርም ግን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ።

ጭላዳ የጓሳን የሌሊት ብርድ የምትቋቋመው ለምንድን ነው?
ሀ. ብርዱን ስለለመደችው
ለ. ጥቅጥቅ ያለው ጸጉሯ የሰውነቷን ሙቀት ስለሚይዝላት
ሐ. ሌሊቱን ስትሮጥ ስለምታድር
መ. ሥጋ ስለምትበላ

ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሀን መርጠዋል። ቢገምቱ ኖሮ መልሳቸው በአራቱም ፊደል ይበተን ነበር። እዚህ ግን ጎበዞቹም ሀ ላይ ተሰብስበዋል። ሲሰበሰቡ አንድ የጋራ ሐሳብ አላቸው ማለት ነው፤ ያንን ሐሳብ የሰጠናቸው ደግሞ እኛው ነን። በቤታቸው ቋንቋ መላመድ ማለት መልመድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ መሐል ሜዳ ላይ ሳምንት ሲቆይ ብርዱን ይለምደዋል፣ ወይፈን ቀንበር ይለምዳል። ልጆቹ ቃሉን በትክክል ተረድተው ሳይንሱን ሳቱ።

ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። ጸጉራቸው የሳሳ ጭላዶች በብርዱ ብዙ ሳይወልዱ ሲቀሩ፣ ጸጉራቸው የበዛው ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ያንን ጸጉር ይዘው ተወለዱ። ይህ በብዙ ትውልድ ውስጥ የሆነ ነገር እንጂ አንዲት ጭላዳ በዕድሜዋ የተማረችው አይደለም።

ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ዘንድሮ ጸጉሯን የሸለትናት በግ ስትወልድ፣ ግልገሏ ጸጉር ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም? የመንዝ ልጅ በዚህ አይሳሳትም። ከዚያ ወደ ጭላዳዋ ስንመለስ፣ በሕይወት የሚገጥመን ነገርና ይዘነው የምንወለደው ነገር የተለያዩ መሆናቸው በራሱ ገባቸው። ሀን ግን ከጥያቄው አላወጣሁትም። እንዲህ ያለ የተሳሳተ አማራጭ የልጁን ሐሳብ ያሳየኛል፤ «ሌሊቱን ስትሮጥ» የሚለው ግን ማንም ስላልመረጠው ሥራ አልሠራም።

አሥራ አራተኛውንም ቀየርኩት። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብላ እየሄደች አይጥ ታድናለች። ጓሳ ላይ የተሠራና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በመንጋው መካከል ስታድን ከሙከራዋ 67 በመቶው፣ ብቻዋን ስታድን ደግሞ 25 በመቶው እንደሚሳካላት አሳይቷል። እኔ የጠየቅሁት «ለምን ይቀላታል?» ብዬ ነበር። ጭላዶቹ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ስለሚያስወጧቸው ይሁን፣ ወይም መንጋው ቀበሮዋን ስለሚሸፍናት፣ ገና አልተለየም። አንድ ትክክለኛ መልስ የሌለውን ነገር አንድ አክብቡ ማለት ለልጅ አይገባም። አሁን ጥያቄው «በመንጋው መካከል የምታድነው ምንድን ነው?» የሚል ሆኗል፤ ከአማራጮቹ አንዱ «የጭላዳ ግልገል» ነው፣ እረኛ የሆኑት ልጆች ወዲያው ይጥሉታል።