አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጠብቃል

ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ስልኩ የዘመድ አዝማድ የደም ውጤት ማህደር ነው። ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል፣ ከሥሩም «እስቲ እየው፣ ቀስት ያለበት ነገር አለ» የምትል መልእክት ትከተላለች። ቀስት ካለ ቤቱ ይሸበራል፣ ከሌለ ሁሉም እፎይ ይላል። ከሁሉም በላይ የሚላኩልኝ ደግሞ CBC እና ESR የሚሉት ወረቀቶች ናቸው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይታዘዛሉ፤ ስለዚህ ሰው አንድ ነገር የሚለኩ ይመስለዋል። አንዱ የሌላውን ዝምታ እንዴት እንደሚያጋልጥ የማውቀው ከአክስቴ ወረቀት ነው።

አክስቴ 54 ዓመቷ ነው። ወገቧን ካመማት አምስት ወር ሆኖት ነበር። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ፣ ቀጥሎ «ኩላሊት ነው»፣ ከዚያ ወጌሻ አሻት። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ቀሚሷም እየሰፋት መጥቷል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሁለቱ ምርመራዎች ታዘዙላት። ማታ ልጇ ፎቶውን ልካልኝ ደወለች። «ነጭ የደም ሴሏ 7,200 ነው፣ ኖርማል ነው። ኢንፌክሽን የለባትም ማለት ነው አይደል?» አለችኝ።

ልጅቷ ያነበበችው ሲቢሲውን ነው። ኮምፕሊት ብለድ ካውንት ማለት ነው፣ ሙሉ የደም ሴል ቆጠራ። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ባለበት ቱቦ ይቀዳል። ማሽኑ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ይስብና ሴሎቹን በጣም ጠባብ በሆነች ቀዳዳ አንድ በአንድ ያሳልፋቸዋል። እረኛ በጎቹን በበረት በር እያሳለፈ እንደሚቆጥረው በሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲያልፍ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ለቅጽበት ያደናቅፋል። ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደተደናቀፈ ቆጥሮ ብዛቱን፣ ምን ያህል እንደተደናቀፈ አይቶ ደግሞ የሴሉን መጠን ያውቃል።

ወረቀቱ ላይ ብዙ መስመር ቢኖርም ለጀማሪ ሦስቱ ይበቃሉ። WBC ነጭ የደም ሴል ነው፣ የሰውነት ወታደር፤ ለአዋቂ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ይጠበቃል። HGB ሄሞግሎቢን ነው፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው፤ ለሴት ከ12 በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። PLT ፕላትሌት ነው፣ ሲቆስሉ ደም የሚያስቆመው፤ ከ150,000 እስከ 450,000። የአክስቴ ፕላትሌት ደህና ነበር። ሄሞግሎቢኗ ግን 10.4 ነው፣ መጠነኛ የደም ማነስ። ልጇ ይቺን ቀስት አይታት «ጎመንና ምስር እናበላታለን» ብላ አልፋታለች።

ከገጹ ግርጌ ግን ብቻዋን የቆመች አንድ ቁጥር ነበረች። ESR 96።

ኢኤስአር ኤሪትሮሳይት ሴዲሜንቴሽን ሬት ነው። ቀይ የደም ሴሎች ወደ ታች የሚሰክኑበት ፍጥነት ማለት ነው። «ይስከን» የሚለውን ቃል ከቡና ታውቁታላችሁ። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ሻካራው አተላ ቶሎ ይሰክናል፣ ደቃቁ ይዘገያል። ደምም እንደዚያው ነው። አራት እጅ ደም ከአንድ እጅ ሲትሬት ጋር እንቀላቅልና በ200 ሚሊ ሜትር በተመዘነ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሞልተን ቀጥ አድርገን እናቆመዋለን። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አንነካውም። «ውጤቱን ቆይታችሁ ውሰዱ» የምንላችሁ ስናበሳጫችሁ አይደለም። ሰዓቱ ሲሞላ ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እናነባለን። የአክስቴ ሴሎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 96 ሚሊ ሜትር ወርደዋል።

ይህ ብዙ ነው? ለግምት የሚሆን ቀላል ስሌት አለ። ለወንድ ዕድሜውን ለሁለት ማካፈል፣ ለሴት ዕድሜዋ ላይ 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል። 54 ሲደመር 10 ለሁለት ሲካፈል 32 ነው። የሷ ሦስት እጥፍ ሆኗል።

ለምን ይፈጥናል? ጤነኛ ቀይ የደም ሴሎች ላያቸው አሉታዊ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ተበታትነው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር፣ ማለትም አካል ከጀርም ወይም ከራሱ ጋር ሲዋጋ፣ ጉበት ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ያመርታል። ፕሮቲኑ መገፋፋቱን ያበርደዋል። ሴሎቹ ሞሰብ ላይ እንዳለ እንጀራ ይደራረባሉ፣ ክምሩም ከብቸኛው ሴል ይልቅ ይከብዳልና ይፈጥናል። ስለዚህ ሲቢሲ ሴሎቹን ሲቆጥር፣ ኢኤስአር የሚነግረን ሴሎቹ ስለሚዋኙበት ፈሳሽ ነው።

ግን ቁጥሩን ከማመኔ በፊት ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ቱቦው ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ሴሎቹ በጎኑ ተንሸራትተው ቶሎ ይወርዳሉ፣ ውጤቱም በውሸት ያድጋል። የሠራውን ባለሙያ በስልክ አግኝቼው በቀጥ ማቆሚያ እንደሠራው አረጋገጠልኝ። ሁለተኛው የደም ማነሱ ነው። ሴሎቹ ሲያንሱ የሚያጨናንቃቸው ስለሌለ ለብቻው ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋል። የ10.4 ሄሞግሎቢን ግን ጥቂት ይጨምር ይሆናል እንጂ 96 አያደርስም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ብግነት ሲቆይ ሰውነት ብረቱን ቆልፎ ያስቀምጠዋል፣ ደም ማነሱ ራሱ የዚያ ውጤት ይሆናል። ጎመኑ አይፈታውም።

ነጭ የደም ሴሉስ ለምን ዝም አለ? ሁሉም ኢንፌክሽን ወታደር አያበዛም። በተለይ ቲቢ ቀስ ብሎ የሚበላ በሽታ ስለሆነ ቆጠራው ብዙ ጊዜ ኖርማል ሆኖ ይቆያል። የሚገርመው፣ የዛሬውን የኢኤስአር አሠራር ያስተካከለው ስዊድናዊው አልፍ ቬስተርግሬን በ1921 እ.ኤ.አ. ምርመራውን ያጠናው በሳንባ ቲቢ ሕሙማን ላይ ነበር።

ለልጇ እንዲህ አልኳት፦ «ኢኤስአር የበሽታ ስም አይነግርሽም። ጭስ አለ ነው የሚለው፣ የት ቤት እንደሚነድ አያውቅም። ሪህም፣ ካንሰርም፣ እርግዝናም ከፍ ያደርገዋል። ግን አምስት ወር የቆየ የወገብ ሕመም፣ የሌሊት ላብና 96 አንድ ላይ ከመጡ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ተመለሱ።» ከጀርባ አክስቴ «እግሬም መደንዘዝ ጀምሯል በይው እንጂ» ስትል ሰማኋት። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ኤምአርአይ ተነሣች። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችና በመካከላቸው ያለው ዲስክ ተበልተዋል፣ አጠገባቸው መግል ቋጥሯል፣ መግሉም ወደ ሕብለ ሰረሰሩ መግፋት ጀምሯል። ከመግሉ በመርፌ ናሙና ተወሰደና በጂን ኤክስፐርት ሲታይ የቲቢ ጀርም ተገኘ። የበሽታውን ስም የነገረን እሱ ነው። ቢዘገይ ኖሮ እግሯ ሊሽመደመድ ይችል ነበር። ሕክምናው 12 ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጣዮቹ አሥር ወራት በሁለት።

በሁለተኛው ወር ኢኤስአሯ 61 ነበር። ልጇ «አሁንም ከፍተኛ ነው!» ብላ ደነገጠች። ፋይብሪኖጅን ግን በአንድ ጀምበር አይጠፋም፣ ቁጥሩም እየተጎተተ ነው የሚወርደው። እኔ የምጠብቀው የቀስቷን መጥፋት ሳይሆን የቁልቁለቱን መንገድ ነበር። በስድስተኛው ወር 27 ደረሰ። ሄሞግሎቢኗም ያለ ምንም የብረት ኪኒን 12.3 ሆነ፤ የተቆለፈው ብረት ተፈትቷል።

አሁን ወረቀት የሚልክልኝን ሰው አስቀድሜ ስለ ቀስት አልጠይቀውም። «ምንህን ነው ያመመህ? ከመቼ ጀምሮ?» እለዋለሁ። ምንም የማያመው ሰው 40 ቢሆን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደገምለታል፣ ብዙ ጊዜም ይወርዳል። ወገቡን ለወራት ያመመው ሰው ግን ሲቢሲው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከገጹ ግርጌ ያለችውን ቁጥር ሳላይ ስልኩን አልዘጋም።