ከመጋረጃው ሥር

አጎቴ ፎቶውን በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ሲልክልኝ ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ባክግራውንዱን ቆርጠህ ሰማያዊ አድርግልን፤ ለአርባው ይድረስ።» አያቴ ካረፈች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም ነበር።

ሰማያዊ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሟች ፎቶ ይዛችሁ አንዳንድ ፎቶ ቤት ስትሄዱ ሰውየውን ከነበረበት ቦታ ቆርጠው ያወጡትና ደመና ላይ፣ ካልሆነም ፏፏቴ ላይ ያስቀምጡታል። ጭረቱም፣ እድፉም፣ የደበዘዘውም ከባክግራውንዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ፈጣን ነው፤ ርካሽም ነው። እኔ ግን የአያቴን ቤት ግድግዳ ያለዚያ ፎቶ አላውቀውም፤ ደመና ላይ ተቀምጣ ላያት አልፈለግኩም። «አይ፣ እንደነበረ አስተካክለዋለሁ፤ ዋናውን ላኩልኝ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው፣ ይሄ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር።

ፎቶው በ1963 ዓ.ም. ደሴ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ ነው፤ ዓመቱ ከጀርባው በእስክሪብቶ ተጽፏል። ጥቁርና ነጭ፣ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር። አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ገና ዓመት ያልሞላውን አባቴን ታቅፋለች። ወንዱ አያቴ ኮቱን ቆልፎ ከጎኗ ቆሟል። ከኋላቸው የስቱዲዮው መጋረጃ አለ፦ ሐይቅ፣ ዘንባባና አንድ የእብነ በረድ ዓምድ፣ ሁሉም በቀለም የተሳሉ። አክስቴ የለችም። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የስቱዲዮው መብራት ሲበራ ደንግጣ አልቅሳ አሻፈረኝ ስላለች ያለ እሷ ተነሱ። ይህን ታሪክ በየበዓሉ እየሰማን ነው ያደግነው። አክስቴ ግድግዳውን እያየች «እኔ እኮ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም፤ ማስረጃው ያውላችሁ» ትላለች። እንስቃለን። እሷም ትስቃለች።

ፎቶው በሰው እጅ ሲደርሰኝ ከፍሬሙ አወጣሁት። ደግነቱ ፊቶቹ ተርፈዋል፤ ጉዳቱ ሁሉ ያረፈው መጋረጃው ላይ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርዱ ረጃጅም ጭረቶች አሉ። ጠርዙ ዙሪያውን ገርጥቷል። ታች በስተቀኝ ደግሞ ጣሪያው አፍስሶ የተወው፣ ጠርዙ የጠቆረ ቡናማ እድፍ አለ፤ ግማሹ በፍሬሙ እንጨት ተሸፍኖ የኖረ።

በ1200 ዲፒአይ ስካን አደረግኩት፤ ወደ 4250 በ6600 ፒክስል መጣልኝ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በግሬይስኬል ላደርገው ነበር የሚገባኝ መስሎኝ የነበረው። ስካነሩ ግን ቀለም ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ልቀይረው ሰነፍኩ። ይሄ ስንፍና ኋላ አዳነኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ እንደ ፕሮግራመር ነበር። የተጎዳውን ቦታ ሁሉ ነጭ፣ ደህናውን ጥቁር የሚያደርግ ማስክ በእጄ ቀባሁና ይህን አስኬድኩ፦

```python
import cv2
img = cv2.imread("ayate.tif")
mask = cv2.imread("mask.png", 0)
out = cv2.inpaint(img, mask, 3, cv2.INPAINT_TELEA)
cv2.imwrite("out.tif", out)
```

ይህ ኮድ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ነጭ የተቀባውን ቦታ ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል፣ ከአጠገቡ ካሉት ፒክስሎች እየገመተ ይሞላዋል። ውጤቱን በስክሪኑ ልክ አሳንሼ ሳየው ንጹህ ነው። ጭረት የለም፣ እድፍ የለም፣ ጥጉ ለስላሳ ግራጫ ሆኗል። ለአጎቴ «አለቀ» ብዬ ልጽፍለት ስልኬን አንስቼ ነበር።

ከዚያ ወደ 100 በመቶ አሳደግኩት። እድፉ የነበረበት ቦታ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ናቸው፤ ለዓይን አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ከእነሱ ነው። ኮዱ ብርሃኑን ይገምታል እንጂ አሸዋውን አይመልስም። ሦስት አራት ፒክስል በሚሰፋ ጭረት ላይ ይሄ አይታወቅም፤ አውራ ጣት በሚያህል እድፍ ላይ ግን ለህትመት ሲያድግ ዓይን የሚወጋው እሱ ነው።

ስለዚህ ቀጫጭኖቹን ጭረቶች ለኮዱ ተውኩለትና ለሰፋፊዎቹ ወደ GIMP ተመለስኩ። እዚያ ሥራው የሁለት ብሩሾች ነው። Clone ከአንድ ቦታ ቀድቶ እንዳለ ይለጥፋል። Heal ደግሞ አሸዋውን ከቀዳበት ቦታ ያመጣና ብርሃኑን ከሚለጠፍበት አካባቢ ጋር ያስማማዋል። መጋረጃው መሀል ላይ Heal ተአምር ነው። ችግሩ ዳር ላይ ነው፤ የወንዱ አያቴ ጥቁር ኮት አጠገብ ስጠቀምበት የኮቱን ጥቁረት ወደ ሐይቁ እየጎተተ ትከሻውን አስጨሰው። እዚያ ኮቱን በሴሌክሽን አጥሮ Clone መጠቀም ይሻላል። የሚቀዳበትን ቦታ ቶሎ ቶሎ መቀየርም ያስፈልጋል፤ እኔ ረስቼ አንዱን የዘንባባ ቅጠል ሁለት ጊዜ ለጥፌው ዛፉ መንታ ወለደ። ሦስት ምሽት እንደዚህ አለፈ።

የገረጣው ጠርዝ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ጠርዙን ከመሀሉ ጋር እኩል ለማድረግ መጋረጃውን በሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ሰጠሁት። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ፤ አጎቴ የፈለገውን ሰማያዊ በግራጫ ሠርቼለታለሁ ማለት ነው። የስቱዲዮው መብራት ሰዎቹ ላይ ነበር የተተኮረው፤ መጋረጃው ከእነሱ ሲርቅ መጨለም አለበት። ያንን ጨለማ ከጉዳቱ ጋር አብሬ አጥፍቼዋለሁ። መለስኩና ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየሳሳ በሚሄድ ማስክ፣ ለገረጣው ቦታ ብቻ፣ Curves ላይ ጥቂት አጠቆርኩት። ዓምዱ ላይ ያለው ጥላ ከወንበሩ ጥላ ጋር ሲስማማ አቆምኩ። ሙሉ በሙሉ አልመጣም። ብሩ ጨርሶ ከጠፋበት ቦታ የሚመለስ ነገር የለም።

የቀረኝ ያ ቅቤ የመሰለ ጥግ ነበር። መጀመሪያ ወዳስቀመጥኩት፣ ምንም ወዳልተነካው ስካን ተመለስኩ። የቀለሙ ነገር ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ቡናማ እድፍ ቡናማ የሚሆነው ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚመልስ ነው። የብሩ ምስል ግን ግራጫ ስለሆነ በቀይም፣ በአረንጓዴም፣ በሰማያዊም ከሞላ ጎደል እኩል ይታያል። ስለዚህ ቀዩን ቻናል ብቻ ነጥሎ ማየት እድፉን ገፎ ምስሉን ያስቀራል። በግሬይስኬል ስካን አድርጌው ቢሆን ኖሮ ይሄ በር ዝግ ነበር።

```python
red = img[:, :, 2]
```

ቁጥሩ 2 የሆነው OpenCV ቻናሎቹን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ብሎ ስለሚደረድር ነው። እድፉ በሰማያዊው ቻናል ጥቁር ጉድጓድ ነው፣ በአረንጓዴው ጭጋግ፣ በቀዩ ግን ጠርዙ ላይ ካለች አንዲት ቀጭን መስመር በስተቀር የለም። ከእድፉ ሥር ደግሞ የመጋረጃው ጫፍ ታየኝ። መሬት አይደርስም ኖሯል። ከመጋረጃው ሥር ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ቆመዋል።

ባለፈው ሳምንት በአንድ መስመር ኮድ የሞላሁት ጥግ ነው።

ወዲያው አላመንኩም። እድፍና ጭረት ተገናኝተው ብዙ ነገር ሊመስሉ ይችላሉ፣ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ያያል። ፎቶውን ስካነሩ ላይ በ180 ዲግሪ አዙሬ እንደገና ስካን አደረግኩ። የስካነሩ ብርሃን ከአንድ ወገን ስለሚመጣ፣ የወረቀቱ ስንጥቅና እጥፋት ሲዞር ጥላው ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። ምስል ከሆነ ግን አይለወጥም። ጭረቶቹ ተለወጡ። ጫማዎቹ እንዳሉ ቀሩ። በሦስቱም ቻናል መኖራቸውን አየሁ፤ በሰማያዊው እንኳ፣ አንዴ ካወቅኳቸው በኋላ፣ ጭላንጭላቸው አለ።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ምስሉን ከመላኬ በፊት ልጠይቃት ፈለግኩ።

«እትዬ፣ ደሴ ፎቶ የተነሱ ቀን ምን ጫማ አድርገሽ ነበር?»

«ነጭ። ዘለበት ያለው። ለዚያው ቀን ተብሎ ነው የተገዛልኝ። ምነው?»

ላክሁላት። ብዙ ቆየች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እዚያ ኋላ ሄጄ ተደበቅኩ ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «የወጣሁ ነበር የሚመስለኝ። ውጪ ያስወጡኝ።» ትንሽ ቆይታ፣ «ፊቴንስ ማምጣት ትችላለህ?» አለችኝ።

አልችልም። ፊቷ ያለው ከጨርቁ ጀርባ ነው፤ ያንን ብርሃን ያኔም ካሜራው አላገኘውም። መጋረጃውን ከፍቼ ፊት ብስል የማንም ፊት ነው። እንደዚያው ነገርኳት። «እሺ የኔ ጌታ» አለች፤ ቅር ያላት ይመስለኛል።

ጥጉን ከዚያ በኋላ የሠራሁት በጣም ጥቂት ነው። ያን ቦታ ከቀዩ ቻናል ወሰድኩና ብርሃኑን ከዙሪያው ጋር አስማማሁት። የእድፉን የጠርዝ መስመር በ Heal አነሳሁ፤ ጫማዎቹ ጋ ስደርስ ብሩሹን አቆምኩ። በግራው ጫማ ላይ አንድ ጭረት ያልፋል፤ እሱን ተውኩት። ዘለበቱ የት ጋ እንደሚያልቅ የማውቀው በግምት ነበር፤ በግምት ልሞላው አልፈለግኩም።

አጎቴ የተጠናቀቀውን አይቶ «በጣም ቆንጆ፤ ጥጉ ላይ ያለውን ግን አጥፋው፣ ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። «እትዬ ናት» አልኩት። መልስ አልላከም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የህትመቱን ገንዘብ ላከ።

አሳታሚው ጋ የመጨረሻ ጭቅጭቅ ነበረኝ። ያለው ፍሬም 40 በ60 ነው፤ የእኛ ፎቶ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ቀጠን ይላል። ፍሬሙን ሙሉ ላድርገው ካለ ቁመቱ 62 ሴንቲ ሜትር ይሆናልና ሁለት ሴንቲ ሜትሩ መቆረጥ አለበት። ልጁ በአንድ እጁ ማውሱን ይዞ «ከታች እንቁረጠው፣ ከታች ምንም የለም» አለኝ። በግራና በቀኝ ነጭ ዳር እንዲተውልኝ ለመንኩት። እንዲህ አይደረግም፣ ያስጠላል አለ። ይሁን፣ ያስጠላ አልኩት።

በአርባው ዕለት ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር። ለቅሶ ደራሹ እየገባ አያቴን ያይና ደረቱን ይመታል። አክስቴ ሰው ቀለል ሲል መጣች፤ ነጠላዋን ሰበሰበችና ከጠረጴዛው ፊት ቁጢጥ ብላ የፎቶውን ታችኛውን ጥግ አየችው። ከዚያ ልጆቿን ጠራቻቸው።