የመስከረም ኩሬ

እንቁራሪት ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የክረምት ሌሊት ጩኸት ነው። እኔ ትዝ የሚለኝ ግን መስከረም ነው። እኛ መንዝ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይከፈት እንጂ መሬቱ ገና አልጠጣም፤ መስኩ ላይ እዚህም እዚያም ውሃ ቋጥሯል፣ ጠዋት ጠዋት ከጓሳ በኩል የሚወርደው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም ያኔ ነው። ክፍሉ ውስጥ የረጠበ በርኖስ ሽታ ከኩበት ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቀናል። ከኋላ ወንበር ደግሞ ገብስ ቆሎ በድብቅ ሲቆረጠም ይሰማል፤ መምህራችን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ሦስተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት እንቁራሪትን የማውቃት በአያቴ ማስጠንቀቂያ ነበር። «እንዳትነካት ልጄ፣ ከሸናችብህ ኪንታሮት ታወጣብሃለች» ትለኝ ነበር። ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አያቴም ቢሆን ከእውነት ብዙ አልራቀችም፤ የጉርጥ ቆዳ ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ ስለሚያወጣ፣ ነክቶ እጅን ሳይታጠቡ ዓይን ማሸት አያዋጣም።

ሦስተኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት የምታስተምረን አንዲት መምህርት ነበረች። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ብትከተል ኖሮ የእንቁራሪት ነገር የሚደርሰው በጋ ገብቶ፣ ኩሬው ደርቆ፣ መሬቱ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነበር። እሷ ግን ተራውን አልጠበቀችም። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነጭ ጎድጓዳ የብረት ሳህን አንጠልጥላ «ተነሱ፣ ወደ መስክ» አለችን። ሳህኑ ለምን ነጭ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ስንደርስ ነው፤ ጥቁር ነገር ነጭ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ኩሬ ዳር ላይ፣ ሳር ሥር፣ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተንሳፎ አገኘን። እንቁላል ነው። እኔ እስከዚያ ቀን የውሃ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ኩሬ ውስጥ ደግሞ ጭንቅላትና ጭራ ብቻ የሆኑ ታድፖሎች ድንጋይ ላይ ያለውን አረንጓዴ አልጌ ይፍቃሉ። በሦስተኛው፣ ፀሐይ በሚመታውና ውሃው ለብ ባለው፣ የኋላ እግር ያወጡ ነበሩበት። ብልሃቷ እዚህ ላይ ነው። አንዱ እንቁላል እስኪያድግ ሳምንታት ከመጠበቅ ይልቅ፣ የየኩሬው ዕድሜና ሙቀት ስለሚለያይ ደረጃዎቹን በአንድ ጠዋት አሳየችን። በእኛ ብርድ እድገቱ ይንቀራፈፋል፤ ጥላ ያለበት ኩሬ ውስጥ ያለው ገና እንቁላል ሆኖ ሳለ ፀሐይ የሚያገኘው ቀድሞት ይሄዳል።

በማግስቱ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጡ ስድስት ካርዶች ለየቡድኑ አደለች። ማባዣ መሣሪያ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ሥዕሎቹን ራሷ፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ነበር የሳለቻቸው። እንቁላል፣ እግር የሌለው ታድፖል፣ የኋላ እግር ያለው፣ አራት እግርና ረጅም ጭራ ያለው፣ ጭራው ያጠረ ትንሽ እንቁራሪት፣ በመጨረሻ ትልቋ። ቀላቅላ ወለሉ ላይ በተነችና «ደርድሩ» አለች።

ሁለት ቡድኖች በመጠን ደረደሩ። አንዱ ጓደኛችን በግ ጠባቂ ነበር፤ ግልገል እያደገ እንጂ እያነሰ ሲሄድ አላየም። ስለዚህ ትንሿን እንቁራሪት ከትልቁ ታድፖል በፊት አስቀመጣት። መምህራችን አልተቆጣችም። ከኩሬው ያመጣነውን ጭራማ ታድፖልና አንዲት የጣት ጥፍር የምታክል እንቁራሪት ጎን ለጎን ሳህኑ ውስጥ አድርጋ «እይ እስቲ፣ የቱ ይበልጣል?» አለችው። ታድፖሉ ይበልጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታድፖል አልጌ ፋቂ ነው፤ አፉ ትንሽ፣ አንጀቱ ረጅም ጥቅልል። እንቁራሪት ስትሆን ዝንብ አሳዳጅ ትሆናለች፤ አፏ ይሰፋል፣ አንጀቷ ያጥራል። ይህ ሁሉ ሲፈርስና ሲሠራ ምንም መብላት አትችልም፤ ስንቋ ጭራዋ ነው። ጭራው ተቆርጦ አይወድቅም፣ ሰውነቷ ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ለዚያ ነው አንሳ የምትወጣው። «ጭራውን ሳይሆን እግሩን ተከተሉ» አለችን መምህራችን፤ መጀመሪያ የኋላዎቹ፣ ከዚያ የፊቶቹ። የፊት እግሮቹ በቆዳ ተሸፍነው ውስጥ ለውስጥ ያድጉና ድንገት ብቅ ይላሉ፤ ትናንት ሁለት እግር የነበረው ዛሬ አራት ሆኖ ሲገኝ ልጅ የሚደነቀው ለዚህ ነው።

ከታድፖሎቹ ጥቂቶቹን በየቡድናችን ጣሳ አድርገን ክፍል ውስጥ አስቀመጥን። ውሃው ከዚያው ኩሬ፣ ምግቡ የተቀቀለ የጎመን ቅጠል ቁራጭ፤ የተረፈው በማግስቱ ይወጣል፣ አለዚያ ውሃው ይሸታል። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቡድን ጣሳ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት እግር ያወጡት ሁሉ ሞተው ተገኙ። ልጆቹ ርሃብ ነው አሉ። መምህራችን ጣሳውን ዘንበል አድርጋ አየችና «መቆሚያ አልሰጣችኋቸውም» አለች። የፊት እግር ሲወጣ ስንጥቡ እየተዘጋ ሳንባው ሥራ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከውሃ በላይ ወጥቶ የሚተነፍስበት ድንጋይ ካላገኘ በውሃ ውስጥ የኖረ ፍጥረት በውሃ ይሰጥማል። ልጆቹ አለቀሱ። እሷም ትንሽ ድንጋይ ከደጅ አምጥታ በየጣሳው ራሷ አስቀመጠች፣ ለእነሱም ሌሎች ሁለት ታድፖሎች ሰጠቻቸው። ደግ ሴት ነበረች።

ዛሬ አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። በቀደም የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ጥርት ባለ ባለቀለም ወረቀት ላይ አራት ሥዕል፣ መቀስና ኮላ። እንቁላል፣ ታድፖል፣ እግር ያለው ታድፖል፣ እንቁራሪት። ቆርጣ፣ ለጥፋ፣ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰች። ቅር አለኝ፤ ወረቀቱ ላይ ሥዕሎቹ በተራ እየተለቁ ስለሚሄዱ በመጠን ብቻ ደርድሮ አሥር ከአሥር ማግኘት ይቻላል። ጀርባው ላይ የቀሩትን ሁለቱን ሳልኩላትና እንደገና ደርድሪ አልኳት። ልክ እንደ በግ ጠባቂው ትንሿን ወደ ፊት አመጣቻት።

«አጎቴ፣ ጭራዋ የት ሄደ ታዲያ?»

ነገርኳት። ከዚያ ሌላ ጨመርኩላት፦ ሁሉም በዚህ ተራ አይሄዱም። በባሌ ተራሮች የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ልጆቿ ኩሬ ሳይገቡ፣ ሳይዋኙ፣ ምንም ሳይበሉ እዚያው መሬቱ ላይ እንቁራሪት ይሆናሉ። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን ደግማ አየችና የኩሬውን ሰማያዊ ቀለም በጣቷ ሸፈነችው።

«እንዲህ ከሆነስ ልክ ነው?»

«ለባሌዋ ልክ ነው» አልኳት። «ለመንዞቹ ግን ኩሬውን መልሺ፤ ድንጋይም ሳዪበት።»