መርፌውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አትውጉ

ከኢትዮጵያ ስንመጣ ስኳር በሽታ በመካከላችን ብርቅ ነበር። ዛሬ በየዘመዱ ቤት ገብቷል፤ እኔም ኢንሱሊን መውጋት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስንት እንደምንወጋና በስንት ሰዓት እንደምንወጋ ሁላችንም እንጠይቃለን። የት እንደምንወጋ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም።

ባለፈው የሙቀት ወራት በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ የኪርያት ጋትን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንዲት የማውቃቸው እናት አጠገቤ ተቀመጡ። መርፌ ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። «ልጄ፣ ይኼ መድኃኒት አልሠራ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት 240፣ ሌላ ቀን 70። የምበላው ያው ነው» አሉኝ። ከቦርሳቸውም በዕብራይስጥ የተጻፈ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ላዩ ላይ የሰው ሆድ ተሥሎበታል፤ ያነበበላቸው ግን አልነበረም።

«እትዬ፣ የት ነው የሚወጉት?» አልኳቸው።

«ከእምብርቴ በስተግራ ነዋ! እዚያ ጋ ምንም አያመኝም።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊን በባሕርይው ስብ ያሳድጋል። አንድ ቦታ ሲደጋገም፣ መርፌውም ሳይቀየር ደጋግሞ ሲወጋ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ያብጥና እንደ ጎማ ይሆናል። እብጠቱ ሕመም ስለማይሰማው ሰው ይወደዋል፤ ይበልጥም እዚያው ይወጋል። መድኃኒቱ ግን እዚያ ገብቶ ይታገዳል፤ አንድ ቀን ጥቂት፣ ሌላ ቀን ብዙ ወደ ደም ይለቃል። የስኳሩ መውጣትና መውረድ ከዚህ ይመጣል።

ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብተን በሳሙና በረጠበ ጣት ሆዳቸውን ዳሰስን። በቀኝ በኩል ለስላሳ ነው፤ በግራ እንቁላል የሚያህል ጠንከር ያለ ነገር አለ። እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ፈትሹ። አንዳንዱ እብጠት ለዓይን ስለማይታይ መዳሰስ ያስፈልጋል።

አሁን ወረቀቱ የሚለውን በአማርኛ ልንገራችሁ። የሚወጋው ቦታ ሆድ፣ የጭን የላይኛው ውጫዊ ክፍል፣ መቀመጫና የክንድ የኋላ ክፍል ነው። በሆድ ላይ ከእምብርት ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ራቁ። ሆዱን እንደ እንጀራ በአራት ክፈሉት፤ አንዱን ሩብ ለአንድ ሳምንት ተጠቀሙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቀጣዩ ሩብ እለፉ። በአንዱ ሩብ ውስጥም የዛሬው ከትናንትናው አንድ ጣት ይራቅ። ገበሬ ማሳውን እንደሚያሳርፈው፣ ያበጠውን ቦታ ለወራት አሳርፉት። ቀስ እያለ ይለሰልሳል።

አንድ አደጋ ግን አለ። ከእብጠቱ ወደ ጤነኛው ቦታ ስትዛወሩ ኢንሱሊኑ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ያው መጠን ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ እትዬን በዚያው ቀን ቦታ እንዲቀይሩ አልነገርኳቸውም፤ ወደ ኩፓት ሆሊም ነርሳቸው እንዲሄዱ አደረግኩ። ነርሷ እብጠቱን ዳስሳ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግራ፣ የማታውን ከ30 ወደ 24 ዩኒት ዝቅ አደረገችላቸው። ለጥቂት ሳምንታትም ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲለኩ አዘዘቻቸው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስለሆነ በራሳችሁ አትቀንሱ። ላብ ካጠመቃችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ስኳራችሁን ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግማችሁ ለኩ።

አወጋጉም ቀላል ነው። እጃችሁን ታጠቡ፤ በእስክሪብቶ መሰሉ መርፌ ላይ አዲስ መርፌ ግጠሙ። በ2 ዩኒት ሞክሩና ጠብታ መውጣቱን እዩ፤ ካልወጣ ድገሙት። ከዚያ መጠናችሁን አዙሩ። 4 ሚሊ ሜትሩን አጭር መርፌ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፤ በጣም ቀጭን የሆነ ሰው ቆዳውን በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ያንሣ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከተጫናችሁ በኋላ እስከ 10 ቁጠሩ፤ ቶሎ ካወጣችሁት መድኃኒቱ በቆዳው ላይ ይፈሳል። የተወጋውን ቦታ አትሹት። መርፌውን ፍቱና በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጣሉት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የእትዬ የጠዋት ስኳር በ120 እና በ150 መካከል ሆነ። ምግባቸውም መድኃኒታቸውም ያው ነው። ነርሷ ዘንድ በሄዳችሁ ቁጥር «የምወጋበትን ቦታ ዳስሽልኝ» በሏት።