ጫማውን ለመውጫ ሳይሆን ለመውረጃ ምረጡት

ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ትንሽ ወጣ ልበል። ጥቅምት ሲጠባ ሰሜን ተራሮችን በእግር ለማየት የሚያስቡ ወዳጆች "ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መልሼ "መውረጃው ምን ያህል ነው?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሁሉም የሚያስበው ስለ መውጣቱ ነዋ! መውጣት የሚፈትነው ሳንባን ነው፤ እግርን የሚፈትነው መውረዱ ነው።

መንገዱን ቁጠሩት። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ ያለው ገና መለማመጃ ነው። ከጨነቅ ወደ አምቢቆ የሚኬድበት ቀን ግን ሌላ ነው። ጠዋት 3,600 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ በቧሂት መተላለፊያ 4,200 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ወደ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። መሬቱ ልቅ ድንጋይና ኮረት ነው። በማግስቱ ራስ ደጀን ወጥታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ካለው ጫፍ እንደገና ወደ 1,300 ሜትር ቁልቁለት ይጠብቃችኋል። ሁለት ቀን በተከታታይ ማለት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ እግራችሁ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጣታችሁ የጫማውን አፍንጫ የሚነካ ከሆነ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመታዋል። ጥፍር የሚጠቁረውና የሚነቀለው በዚህ ነው።

ስለዚህ ልኩ ከሁሉ ይቀድማል። ጫማ ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት ያብጣል፣ ተራራ ላይም እንደዚሁ ያብጣል። የምትሄዱበትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን እስከ ጫፍ ድረስ ወደ ፊት ግፉት። ከተረከዛችሁ ጀርባ አንድ ጣት በምቾት ከገባ ርዝመቱ ይሆናል። ቀጥሎ ክሩን አጥብቃችሁ እሰሩና ደረጃ ፈልጉ። መርካቶ ውስጥ ደረጃ የሌለው ሕንፃ የለም። ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው ፈተናው። ሦስት ፎቅ ያህል እግራችሁን ጠንከር አድርጋችሁ እየረገጣችሁ ውረዱ። ጣታችሁ አንዴም ቢሆን ፊቱን ከነካ ያንን ጫማ መልሱት። ሻጩ "ሲለመድ ይሰፋል" ቢላችሁ፣ ቆዳ በጎን በኩል ትንሽ ይሰፋል፣ በርዝመት ግን አያድግም። ስትወጡ ደግሞ ተረከዛችሁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚፋቅ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ይቋጥራል።

ሁለተኛው ነገር የሶሉ ጥንካሬ ነው። ጫማውን በአንድ እጅ ከፊት፣ በሌላው ከተረከዙ ይዛችሁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዙት። የስፖርት ጫማ ወዲያው ይጠማዘዛል። ለድንጋያማ መንገድ የሚሆነው እምቢ ይላል። ወደ ላይ ስታጥፉት ደግሞ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። ሶሉ ለስላሳ ከሆነ የረገጣችሁት ድንጋይ ሁሉ ውስጥ እግራችሁን ይወጋዋል። በመጀመሪያው ቀን አታስተውሉትም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሜዳ ላይ እንኳን እያነከሳችሁ ትሄዳላችሁ። አንገቱ ረጅም የሆነው ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከሚመታ ድንጋይና ከሚገባ ኮረት ይከላከላል፤ እግር እንዳይታጠፍ ግን ዋስትና አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። አዲስ የተራራ ጫማ ውድ ስለሆነ አብዛኞቻችን የምንገዛው ሳልባጅ ነው። ምንም ነውር የለውም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት የሄድኩት በሳልባጅ ነው። ነገር ግን ሳልባጅ ውስጥ በዓይን የማይታይ አንድ አደጋ አለ። ብዙ ከባድ ቡቶች መርገጫ ጎማውና ቆዳው መካከል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ሶል አላቸው። ይህ ነገር በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላል። ማንም ሳይጫማው ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳን ይበላል። ከተሠራ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ደረቀ ዳቦ መፈርፈር ሊጀምር ይችላል። ቆዳው ግን አሁንም ያብረቀርቃል። "ብዙም አልተለበሰም" የተባለው ጫማ አንዳንዴ ከተለበሰው የሚብሰው ለዚህ ነው፤ አለመለበሱ ለረጅም ጊዜ መቀመጡን ሊያሳይ ይችላል።

አብሮን የሄደ አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጫማው ቆዳው ወፍራም፣ ስፌቱ ያልተነካ፣ ሲያዩት የሚያስቀና ነበር። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ስንሄድ የግራው ሶል ከጣት በኩል አፉን ከፈተ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ወለቀ። ከውስጡ የወጣው ነገር በእጅ ሲነካ ዱቄት ሆነ። ማስቲሽ ቢኖረን እንኳን አይረዳም ነበር፤ ማስቲሽ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ሲኖር ነው። የበቅሎ ጫኛችን ገመድ ሰጠንና አስረን ግጭ ደረስን። በማግስቱ የቀኙም ተከተለ። በተዋሰው የስፖርት ጫማ ጨነቅ ደርሶ፣ መኪና መንገድ ስላለ ከዚያ ወደ ደባርቅ ተመለሰ። ጉልበቱም ሳንባውም ደህና ነበር። ራስ ደጀንን ግን አላየም። ይህ ከጨነቅ ማዶ ቢደርስበት ኖሮ ደግሞ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ በባዶ እግር በሚባል ሁኔታ ሊመለስ ነበር።

ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ይቻላል። የምላሱን ውስጥ ገልጣችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ወርና ዓመት ትንሽ ጨርቅ ላይ ታትሟል። ከዚያ በጎን በኩል የሚታየውን የመሃል ሶል በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫኑት። ደህናው ይሰረጉድና ወዲያው ይመለሳል። የተበላው ምልክቱን ይዞ ይቀራል፣ ወይም ይፈረፈራል፣ ወይም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጫማውን አሥር ጊዜ አጥፉና ዘርጉ፤ መታጠፊያው ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ካያችሁ ተዉት። የመጨረሻው ፈተና ጊዜ ነው። ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ ግዙና ዕቃ ተሸክማችሁ እንጦጦን ደጋግማችሁ ውጡበት፣ ውረዱበት። የሚወልቅ ከሆነ ታክሲ ባለበት ይውለቅ።

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። "ስካውቱ በኮንጎ ጫማ እየሮጠ ይወጣ የለም እንዴ? ይህ ሁሉ የከተማ ሰው ቅብጠት ነው" ይሉኛል። ስካውቱ በኮንጎ መሄዱ እውነት ነው። ግን ያ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ድንጋይ ላይ የሄደ ነው፤ ውስጥ እግሩ ጠንክሯል፣ ቁርጭምጭሚቱ ድንጋዩን ያውቀዋል፣ የት እንደሚረግጥ ሳያስብ ያውቃል። የእኛ እግር አስፋልትና ወንበር ላይ ነው ያደገው። ደግሞም ስካውቱ ኮንጎን የመረጠው ከአሥር ጫማ አማርጦ አይደለም። ሄዳችሁ ስትመለሱ ቡታችሁ ገና ደህና ከሆነና ልኩ ከሆነው፣ ሶሉን በጥፍራችሁ ፈትሻችሁ ብትሰጡት ደስ ይለዋል። የተበላ ሶል ያለውን ግን አትስጡት፤ እሱ ከጨነቅ ማዶ ነው የሚኖረው።