«በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ከመጻፋችን በፊት

ብዙ የኮሚቴ መዝገብ ገልጬ አንብቤአለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈራት ዓረፍተ ነገር «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የምትለዋ ናት። ሰው ጠረጴዛ የመታበት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተቆጥተው ሊወጡ ሲሉ የተለመኑበት ስብሰባ በዚህች አንድ መስመር ታልፎ አይቻለሁ። ወር ሳይሞላ ያው ጠብ እንደ አዲስ ይነሣል። ያኔ ማን ምን እንዳለና ምን እንደተወሰነ የሚያስታውስ አይገኝም።

ነገሩን በመንዝ በኩል እንየው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ይኖሩበታል። ሕዝቡም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ሣሩን ያጭድበታል። ድሮ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበር፤ የአስቦና የጌራ ርስተኞች ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁና የሚከፈትበትን ቀን በአንድነት ይቆርጡ ነበር። ቀኑ የሚነገረው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያና በቀብር ላይ ነበር። የሰማው ሁሉ ምስክር ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ሥርዓቱ መሠረቱን አጣ። ዛሬ ጓሳው የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ነው፤ የሚመራውም በየቀበሌው ተወካዮች ኮሚቴ ነው። የኮሚቴ ምስክሩ ደግሞ መዝገቡ ነው። ለዚህ ነው ጸሐፊው የያዘው እስክሪብቶ ቀላል አይደለም የምለው።

አንድ ስብሰባ በሐሳባችን እናቁም። ጥር 18 ቀን ነው እንበል። ኮሚቴው 9 አባላት አሉት፤ የተገኙት 7 ናቸው። አጀንዳው ጓሳው ዘንድሮ ለሣር አጨዳ ይከፈት ወይስ ይቆይ የሚል ነው። የላይኛው ቀበሌ ተወካይ «ክዳናችን አርጅቷል፣ መኖም አልቆብናል፣ ይከፈት» ይላሉ። የታችኛው ቀበሌ ተወካይ ደግሞ «ሣሩ ገና አልቆመም፣ አንድ ዓመት ይታገሥ» ይላሉ። ከዚያ ነገሩ ይግላል። «የእናንተ ልጆች በሌሊት እያጨዱ ሲሸጡ እናንተ ስለ ትዕግሥት ታወራላችሁ!» ይባላል። ስድብም ይከተላል። በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ 4 ይቆይ፣ 2 ይከፈት፣ 1 ድምፀ ተአቅቦ ይሆናል።

የችኮላ ጸሐፊ እንዲህ ይጽፋል፦ «የላይኛው ቀበሌ ተወካይ በስሜት ተነሣሥተው ጓሳው ይከፈት ሲሉ ተከራከሩ። የታችኛው ቀበሌ ተወካይ የሣሩን ሁኔታ በዝርዝር አስረዱ። ሕገወጥ አጨዳ እየተካሄደ መሆኑም ተገለጸ። ጓሳው እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በሕገወጥ አጨዳ ላይ ክትትል ይደረግ።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ አምስቱም ይጎዳሉ። «በስሜት» የሚለው የጸሐፊው ፍርድ ነው። አንዱን «ተከራከሩ»፣ ሌላውን «አስረዱ» ማለት ደግሞ ሳይታወቅ ማዳላት ነው፤ ያስረዳ ሰው እውነት እንደያዘ ይቆጠራልና። «ተገለጸ» ሲባልም ክሱ እንደተረጋገጠ ነገር መዝገብ ላይ ይቀመጣል። በስብሰባው ግን የቀረበ ማስረጃ የለም፤ የተባለ ነገር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ለሁሉም እኩል «አሉ» ይበቃል። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ግልጽ ሐሰት ነው። የመጨረሻው «ክትትል ይደረግ» ደግሞ ባለቤት የለውም። ማን ያድርግ? እስከ መቼ? ለማን ይንገር? እንዲህ የተጻፈ ውሳኔ በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሶ አጀንዳ ይሆናል።

እኔ የምጽፈው በዚህ መልክ ነው፦

«አጀንዳ 1፦ ጓሳው ለአጨዳ ስለሚከፈትበት ጊዜ። ይከፈት ያሉ አባላት የቤት ክዳን አርጅቷል፣ የመኖ እጥረትም አለ አሉ። ይቆይ ያሉ አባላት ሣሩ ለአጨዳ አልደረሰም አሉ። ውሳኔ፦ በዚህ ዓመት እንዲቆይ በ4 ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። የላይኛው ቀበሌ ተወካይ የልዩነት ሐሳባቸው እንዲመዘገብ ጠይቀዋል፤ ክዳኑ ለፈረሰበት ቤት የተወሰነ ሣር ይፈቀድ የሚል ነው።

በሌሊት አጨዳ ተደርጓል የሚል አቤቱታ ቀረበ፤ በስብሰባው አልተጣራም። ውሳኔ፦ ከሁለቱም ቀበሌ አንድ አንድ አባል ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር እስከ ጥር 30 ቦታውን አይተው የካቲት 3 በሚደረገው ስብሰባ በጽሑፍ ያቀርባሉ።»

ልብ በሉ፣ ስድቡ የለም። ስድብ ውሳኔ አይፈልግም፤ ተጽፎ ከቀረ ግን የልጅ ልጅ ያነበዋል። ዛቻ ወይም የጉቦ ክስ ግን እንደ ስድብ አይታለፍም። እርምጃ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ማን እንደተናገረ በተናገረው ሰው ቃል፣ ለየትኛው አካል እንደተመራም ጭምር ይጻፋል። የክርክሩ ቅደም ተከተልም የለም። ሁለት ሰዓት የፈጀ ጭቅጭቅ ተራ በተራ ሲጻፍ ጠቡን እንደገና ያስጀምራል፤ ምክንያቶቹ በየወገናቸው ሲሰበሰቡ ግን ሁለቱም ወገን ራሱን ያገኛል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ወገን መስመር ለዚያው ወገን አንብቡለት። «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ካላለ አልተጻፈም ማለት ነው።

ማንበቡ መደረግ ያለበት ሰው ሳይበተን ነው። ሊቀ መንበሩ ድምፅ እንደቆጠሩ ጸሐፊው ተነሥቶ ውሳኔውን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ቁጥሩን፣ የሚሠራውን ሰውና ቀኑን ጨምሮ። በገጠር ኮሚቴ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት አሉ፤ በጣት አሻራ የሚያጸድቁት የሰሙትን ነው እንጂ የተጻፈውን አይደለም። ሳይነበብላቸው አሻራ መቀበል እጅግ ያሳዝነኛል። አሁንም በብዙ ቦታ የሚሠራ አንድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ሲገቡ የተፈረመበት የመገኘት ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ኋላ ይያያዝና የስምምነት ፊርማ ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቱ ለየብቻ ይሁኑ። በድምፁ የተቃወመ ሰውም መፈረም አይፍራ፤ ፊርማው «ጽሑፉ የሆነውን ይናገራል» ማለት እንጂ «ውሳኔውን ደግፌአለሁ» ማለት አይደለም። ይህን ሊቀ መንበሩ በቃል ቢናገሩት ብዙ ኩርፊያ ይቀራል።

ስምምነት ላይ ካልተደረሰ «አልተወሰነም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» ብሎ ቀኑን መጻፍ ነው። ጸሐፊ ለማስታረቅ ብሎ ያልተባለ ስምምነት ቢጽፍ፣ አሳቡ ደግ ቢሆንም ሁለቱም ወገን መዝገቡን ማመን ይተዋል።

ከመፈረሙ በፊት ስሕተት ከተገኘ በቀለም አይሸፈንም፣ ገጹም አይቀደድም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ይፈርሙበታል። የተረፈው ባዶ ቦታም በመስመር ይዘጋል። ከተፈረመ በኋላ ግን የጸደቀው ገጽ አይነካም። የላይኛው ቀበሌ ተወካይ የካቲት 3 መጥተው «እኔ ያልኩት ክዳኑ ለፈረሰ ብቻ ሳይሆን ለሚያፈስም ቤት ነው» ቢሉ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ የሰጡት እርማት በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ በራሱ ቀን ይመዘገባል።